«ደመወዙ በስኬል ነው» ሲሏችሁ፦ ስለ መጀመሪያ ስራ የደመወዝ ድርድር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤች አር ክፍል ውስጥ የተወሰነ አመት ሰርቻለሁ፣ ኦፈር ሌተር አርቅቆ ለፊርማ የሚያቀርበው ሰው እኔ ነበርኩ። ከዛ ከወጣሁ ወዲህ ገና ስራ የተገኘላቸው የጓደኞቼ ታናናሾች ሁሉ የሚጠይቁኝ ያችኑ አንድ ጥያቄ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። የምጠቀምባቸው የደመወዝ ቁጥሮች ለማስረዳት እንዲመች ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ በፈለጋችሁት ገንዘብ አስቡት።

«ደመወዛችን በስኬል ነው፣ ድርድር የለውም» አሉኝ። በቃ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም፣ ግን የምትደራደሩበት ነገር ይቀየራል። ስኬል ሲባል ብዙ ሰው አንድ ቁጥር ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ስኬል ሰንጠረዥ ነው። ከላይ ወደታች ደረጃዎች አሉ፣ ግሬድም ይሉታል፣ ደረጃው የስራ መደቡ ነው እንጂ የናንተ አይደለም፣ ማለትም ማንም ሰው ይቀመጥበት ያ ወንበር ደረጃ 5 ከተባለ ደረጃ 5 ነው። ወደ ጎን ደግሞ እርከኖች አሉ፣ እርከኑ ግን የሰውየው ነው፣ ልምዱንና የቆየበትን ጊዜ እያየ የሚንቀሳቀስ። ለምሳሌ ደረጃ 5 መነሻው 10,000 ይሁን፣ እያንዳንዱ እርከን 400 እየጨመረ እስከ እርከን 9 ይሂድ፣ ጣሪያው 13,200 ይሆናል ማለት ነው። ከ10,000 እስከ 13,200 ያለው ሁሉ «ስኬላችን» ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ያ ሰውዬ «ስኬላችን አይነካም» ሲላችሁ አልዋሸም፣ ሰንጠረዡ አይነካም። 11,150 ክፈሉኝ ብትሉት እንደዛ የሚል ሳጥን ሰንጠረዡ ውስጥ ስለሌለ ቢፈልግም አይችልም። 10,800 ግን አለ፣ እርከን 3 ነው። ያልተነገራችሁ ነገር እርከን 1 ላይ ያስቀመጧችሁ ሌላ ነገር ስላላሳያችኋቸው፣ ወይ እነሱም ሌላ ነገር ስላላዩባችሁ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ነው። አዲስ ተመራቂ ሲመጣ እርከን 1 መጻፍ ልማድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ማንም ፋይሉን ከፍቶ አስልቶ አይደለም። እኔም ሳሰላ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር።

አንድ ሰው «ትንሽ ጨምሩልኝ» ሲለኝ ምንም ላደርግለት አልችልም ነበር፣ ባዝንለትም የምሞላው ቅጽ የለኝም። «እርከን 1 ላይ የተቀመጥኩት በምን መስፈርት ነው፣ ይሄን ይሄን የስራ ልምድ አይታችሁታል ወይ» ያለኝ ሰው ግን ቅጽ ነበረው፣ «የእርከን አመዳደብ ምክንያት» የምትል መስመር ያለችው፣ እሷን ሞልቼ ለአለቃዬ አስፈርማለሁ። ልዩነቱ ይሄው ነው፣ የመጀመሪያው ሰው ውለታ እየጠየቀኝ ነው፣ ሁለተኛው የራሳችንን ደንብ በትክክል እንድንጠቀምበት እየጠየቀኝ ነው።

እውነት ስኬል እንዳላቸው ወይስ ለማስቆም ያህል እንዳሉኝ በምን አውቃለሁ?

አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይሄ መደብ ስንተኛ ደረጃ ነው፣ እኔስ ስንተኛ እርከን ላይ ነኝ?» በቃ። እውነተኛ ስኬል ያለው ቦታ መልሱ ቁጥር ነው፣ ወዲያው ወይ በማግስቱ ይነግሯችኋል። መልሱ «እኛ ጋር ለጀማሪ እንደዚ ነው የምንከፍለው» ከሆነ፣ ወይ ሰውየው ከተናደደ፣ ስኬል የሚባለው ነገር አለቃው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ቁጥር ነው ማለት ነው፣ እንደዛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ተራ ድርድር ነው፣ ቁጥር ጠርታችሁ መደራደር ትችላላችሁ።

መሃል ላይ ያለ አይነትም አለ። እርከን የላቸውም፣ ግን ለእያንዳንዱ ደረጃ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለው ያስቀምጣሉ፣ በመሃሉ የፈለጉት ቦታ ላይ መጻፍ ይችላሉ። እዛ ጋ ጥያቄው «የደረጃው ዝቅተኛና ከፍተኛ ስንት ነው፣ የቀረበልኝ ከዛ ውስጥ የት ጋ ነው የሚወድቀው» ይሆናል። እንደዚህ አይነት ቦታ አዲስ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዝቅተኛውና ከመካከለኛው መሃል ነው የሚገባው፣ ከመካከለኛው በላይ ለጀማሪ ለመጠየቅ አትድከሙ፣ ከዝቅተኛው ትንሽ ከፍ ማለት ግን ብዙ ፊርማ አይጠይቅም።

ገና ተመራቂ ነኝ እኮ፣ ምን ልምድ አለኝና ነው እርከን የምጠይቀው?

ይሄ ጥያቄ ላይ ረዘም ላርግ፣ ሰው ብዙ የሚያጣው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ስኬል ያለው መስሪያ ቤት ከጀርባው የልምድ አቆጣጠር መመሪያ አለው፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት ገጽ ነው አንዳንዱ ጋ አንድ አንቀጽ። የሚመልሰው ጥያቄ ምን አይነት ስራ ይቆጠራል፣ ስንት ወር ስንት እርከን ይሆናል፣ በምን ማስረጃ የሚል ነው። ያንን ጠይቁ፣ «የስራ ልምድ አቆጣጠር መመሪያችሁን ማየት እችላለሁ?» ማለት ነውር አይደለም። ወረቀቱን ባይሰጧችሁም በቃል ይነግሯችኋል።

ብዙ ቦታ የሚያጋጥማችሁ እንዲህ ነው። ለመመረቅ ግዴታ የሆነ ኢንተርንሺፕ አይቆጠርም፣ የትምህርቱ አካል ነው ብለው ስለሚያስቡ። ከተመረቃችሁ በኋላ በኮንትራት የሰራችሁት ይቆጠራል፣ 3 ወርም ቢሆን። ፓርት ታይም ላይ ነው ጉዱ፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቆጥረውም፣ አብዛኛው ግን በሰዓት አስልቶ ይቆጥረዋል፣ በሳምንት 20 ሰዓት የሰራ ሰው አንድ አመቱ እንደ 6 ወር ይያዝለታል። ፍሪላንስ ደግሞ ውልና የክፍያ ማስረጃ ካላችሁ ሊያስኬድ ይችላል፣ ከሌላችሁ አይሆንም። ነጻ አገልግሎት ስራው ተመሳሳይ ከሆነ የሚቀበሉ አሉ፣ ግን አትተማመኑበት።

ከዛ ሌላ መደቡ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ መስፈርት ቀንሳችሁ ነው የምታስቡት። ማስታወቂያው «ዲግሪና 1 አመት» ካለ የመጀመሪያዋ አመት መግቢያ ናት፣ እርከን አታመጣም። «ዲግሪና 0 አመት» ካለ ግን ያላችሁ ወር ሁሉ ትርፍ ነው። ጀማሪ መሆን እንዲህ አይነት ቦታ ላይ ይጠቅማል ማለት ነው፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው።

እሺ በምሳሌ አሳየኝ።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ የማውቃት ሰው እህት ናት፣ ዳታ ሰብስቦ ሪፖርት የሚያዘጋጅ መደብ አልፋ ኦፈር መጣላት። ደረጃ 5፣ እርከን 1፣ 10,000። መስፈርቱ ዲግሪና 0 አመት። ደውላ «12,000 ጠብቄ ነበር» ስትላቸው «ስኬል ነው» አሏት፣ ከዛ ነው እኔ ጋ የመጣችው።

ያላትን አስቆጠርኳት። ለመመረቂያ የሰራችው 6 ወር ኢንተርንሺፕ፣ ተማሪ እያለች አንድ ቢሮ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ለ16 ወር ዳታ እያስገባች ወርሃዊ ሪፖርት ስታወጣ የቆየችበት፣ ከተመረቀች በኋላ ደግሞ 5 ወር ሙሉ ጊዜ ኮንትራት። እሷ ስትደምረው 27 ወር ነው፣ ስለዚህ 2 አመት አለኝ፣ እርከን 3 ይገባኛል ብላ ተነስታለች። እኔ ደግሞ በዚህ ቁጥር አትሂጂ አልኳት፣ ኤች አሩ ኢንተርንሺፑን ሲጥለው እና ፓርት ታይሙን በግማሽ ሲቆርጠው የተጋነነ ነገር ይዘሽ የመጣሽ ትመስያለሽ፣ ከዛ በኋላ ትክክለኛውንም አያምንሽም።

መጀመሪያ ደንቡን በኢሜይል ጠየቀች። መልሱ በሁለት ቀን መጣ፦ ከመስፈርቱ በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር ተዛማጅ ልምድ አንድ እርከን፣ ፓርት ታይም በ40 ሰዓት ተሰልቶ፣ የመመረቂያ ኢንተርንሺፕ አይቆጠርም። እንግዲህ በዚህ ሲሰላ 16 ወሩ በግማሽ 8 ወር ይሆናል፣ ኮንትራቱ 5 ወር፣ ድምሩ 13 ወር። 12 ሞልቷል፣ አንድ እርከን አላት። እርከን 2፣ 10,400። 12,000 ያለችው ቦታ እርከን 6 ነው፣ ያንን ለማግኘት 5 አመት ልምድ ያስፈልጋት ነበር፣ ለዛ ነው ስልኩ ላይ እንደዛ ቶሎ የዘጉባት።

ችግሩ ማስረጃው ነበር። ሲቪዋ ላይ የፓርት ታይሟን ስራ «የተማሪ ረዳት» ብላ በአንድ መስመር ነው ያስቀመጠችው፣ ሰዓት የለውም፣ ምን እንደሰራችም አይልም። ከዛ ቢሮ የያዘችው ደብዳቤ ደግሞ «ከእኛ ጋር ስትሰራ ትጉህና መልካም ጠባይ ያላት ነበረች» ይላል፣ ደስ ይላል ግን ለእርከን ምንም አይሰራም። ተመልሳ ሄዳ አዲስ አጻፈች፦ የጀመረችበት ቀን፣ ያቆመችበት ቀን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ይከፈላት እንደነበር፣ የሰራችው ስራ በሶስት አራት መስመር፣ የፈረመው ሰው ስምና ሃላፊነት። የስራውን መግለጫ አዲሱ ማስታወቂያ ላይ ካለው ስራ ጋር ጎን ለጎን አርጋ እንድታስጽፈው ነገርኳት፣ ውሸት እንዲጻፍ አይደለም፣ ሪፖርት ማዘጋጀቷ እውነት ነው፣ ግን ካልተጻፈ «ተዛማጅ» የሚለውን ቃል ማንም በልቡ አያሟላላትም። አራት ቀን ፈጀባት። ደብዳቤው ሲገባ እርከን 2 ያለምንም ክርክር ተጻፈላት።

ከ13 ወር ላይ የተረፈችው አንድ ወር ግን ጠፋች፣ ለሚቀጥለው አትተላለፍም አሏት። እንደዛ ነው ስኬል፣ ሲሰጥም በቁጥር ነው ሲነሳም በቁጥር።

ለ400 ይሄ ሁሉ ድካም ምን ዋጋ አለው?

ለአንድ ወር ካሰባችሁት የላትም። ግን ስኬል ውስጥ የገባ ልዩነት በራሱ አይጠፋም። በየአመቱ ሁለታችሁም አንድ እርከን ከወጣችሁ እርከን 1 የጀመረው እና እርከን 2 የጀመረችው ሁሌ በአንድ እርከን እንደተራራቁ ይሄዳሉ፣ የሚገናኙት ጣሪያው ላይ ብቻ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ እርከን 2 የገባችው እርከን 9 ላይ ደርሳ ስትቆም ሌላው ከጀመሩ ከ8 አመት በኋላ ይደርስባታል፣ እስከዛ በአመት 4,800፣ በ8 አመት 38,400 ነው፣ የመጀመሪያዋን የአራት ወር ደመወዝ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ሁለት እርከን ቢሆን ደግሞ 72,000።

8 አመት አንድ ቦታ የሚቀመጥ ማን አለ ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ብዙ ሰው አይቀመጥም። እርከን በየአመቱ የማይወጣበት ቦታም አለ፣ አንዳንዱ በአፈጻጸም ውጤት ነው የሚሰጠው፣ አንዳንዱ ከፍ እያለ ሲሄድ ያዘገየዋል። የአሜሪካ ፌደራል መንግስት ሰራተኞች የሚከፈሉበት ጀነራል ስኬጁል የሚባለው 15 ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱ ደረጃ 10 እርከን፣ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ጭማሪዎች በየአመቱ፣ ቀጣዮቹን ሶስት በየ2 አመቱ፣ የመጨረሻዎቹን ሶስት በየ3 አመቱ ነው የሚሰጡት፣ ከእርከን 1 እርከን 10 ለመድረስ 18 አመት ማለት ነው። እንደዛ አይነት ቦታ ስትገቡ አንድ እርከን ከፍ ብሎ መጀመር የሚቆጥበው የዘለላችሁት እርከን የሚጠይቀውን ጊዜ ነው፣ እርከን 1ን ለዘለለ አንድ አመት። ስለዚህ «እርከን በየስንት ጊዜው ነው የሚወጣው፣ በራሱ ነው ወይስ በግምገማ?» የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ፣ ይሄን ሳታውቁ የአንድ እርከንን ዋጋ ማስላት አይቻልም።

መቼ ነው መጠየቅ ያለብኝ?

ኦፈሩ በጽሁፍ ከመጣ በኋላ፣ ከመፈረማችሁ በፊት። ኢንተርቪው ላይ አይደለም፣ እዛ ገና አልመረጧችሁም። ከፈረማችሁ በኋላ ደግሞ ፋይሉ ተዘግቶ ፔይሮል ገብቷል፣ ያንን የሚከፍት ሰው አታገኙም። «ግባና በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ራሴ ሰምቻለሁ፣ የሚሉት ክፉ ሆነው አይደለም፣ ግን በኋላ የማስተካከያ ቅጽ የለም፣ ቅጹ ያለው አዲስ ተቀጣሪ ሲመደብ ብቻ ነው፣ የገባ ሰው እርከን የሚቀየረው በእድገት ወይ በአመታዊ ጭማሪ ነው።

ቅድም ያልኩት የአሜሪካ መንግስት ስኬል እንኳን ብቃቱ የላቀ ወይ ልዩ ፍላጎት ላለበት አዲስ ተቀጣሪ ከእርከን 1 በላይ እንዲሰጠው የሚፈቅድ ደንብ አለው፣ ነገር ግን ውሳኔው ሰውየው ስራ ከመጀመሩ በፊት መጽደቅ አለበት። ካለፈ አለፈ። ያን ያህል የተጻፈ ሰንጠረዥ ያለው መስሪያ ቤት በሩን ክፍት ትቶ ሰዓቱን ግን ከገደበ ሌላውም ጋ እንደዛ ነው ብላችሁ አስቡ።

ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

አጭር፣ ሁለት ኢሜይል። የመጀመሪያው ለመጠየቅ ብቻ፦

«ስለ ስራ ቅጥር ደብዳቤው አመሰግናለሁ፣ ስራውን ለመጀመር ዝግጁ ነኝ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ለመረዳት ፈልጌ ነው፣ መደቡ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ፣ እኔ የተመደብኩበት እርከንና የእርከን አመዳደቡ በምን መስፈርት እንደተሰራ ቢገልጹልኝ።»

መልሱ ከመጣ በኋላ ሁለተኛውን፣ አሁን ማስረጃ ይዞ፦

«በገለጹልኝ መስፈርት መሰረት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሳምንት 20 ሰዓት የሰራሁት እና ከዚህ እስከዚህ በሙሉ ጊዜ የሰራሁት ሲደመር 13 ወር ይሆናል። የስራ ልምድ ደብዳቤዎቹን አያይዣለሁ። በዚህ መሰረት እርከን 2 ላይ እንድመደብ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።»

ስለ ኪራይ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ምንም አትጻፉ። እውነት ነው ግን ቅጹ ላይ የሚጻፍበት መስመር የለም። ቁጥሩንም እርከን ብላችሁ ጥሩት እንጂ በገንዘብ አትጥሩት፣ ኢሜይሉን የሚያነበው ሰው ለአለቃው ሲያስተላልፈው ሌላ ትርጉም ሳያስፈልገው እንዲያልፍለት ነው።

እርከን ላይ እምቢ ካሉስ? ሌላ የምጠይቀው አለ?

አለ፣ ግን መጀመሪያ ለምን እምቢ እንደሚሉ ይግባችሁ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ አይደለም። አምና እርከን 1 ላይ የገባ ልጅ እዛው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፣ እናንተ እርከን 3 ብትገቡ በሳምንቱ ይሰማል፣ እሱም ቅሬታ ይዞ ይመጣል፣ ኤች አሩ የሚፈራው እሱን ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን የማይነካ ነገር ስትጠይቁ ድምጹ ራሱ ይቀየራል።

ከሁሉም የምወደው የመጀመሪያ ቀን ነው። ብዙ ቦታ አመታዊ ጭማሪው ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን ነው የሚገባው፣ ግን በዛን ቀን 6 ወር ያልሞላው ሰው አይካተትም። ልጅቷን ስንጠይቅላት በተሰጣት የመጀመሪያ ቀን ከገባች ጭማሪው ሲደርስ 6 ወር ሊሞላት 9 ቀን ይጎድላታል። 9 ቀን! በዛ ምክንያት ያ አመት አልፏት የሚቀጥለውን ልትጠብቅ ነበር፣ 12 ወር ሙሉ በአንድ እርከን ዝቅ ብላ፣ 4,800 ማለት ነው። «ከ9 ቀን በፊት ብጀምር ይቻላል?» ስትላቸው ደስ ብሏቸው እሺ አሉ፣ ሰው ቸኩለው ስለሚፈልጉ። ማንም ያንን እንደ ድርድር አላየውም፣ ከእርከኑ እኩል ነው ያስገኘላት ግን።

ሌላው የሙከራ ጊዜ ማብቂያ ነው። «የሙከራ ጊዜዬን በጥሩ ውጤት ከጨረስኩ አንድ እርከን እንዲታይልኝ» ማለት ይቻላል፣ አንዳንድ ቦታ ይፈቅዳሉ። ከተፈቀደ ኦፈሩ ላይ ይጻፍ፣ ቢያንስ በኢሜይል። በቃል ቃል የገባላችሁ ማናጀር ከሶስት ወር በኋላ እዛ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል።

አበልም አለ፣ የትራንስፖርት የስልክ ምናምን፣ ከስኬሉ ውጪ በሌላ መመሪያ ነው የሚሰጠው። ለመደቡ የተፈቀደ አበል ኖሮ ኦፈሩ ላይ የተረሳ መሆኑን ጠይቁ፣ የመርሳት ነገር በጣም ያጋጥማል። ደረጃውን ራሱን ማስቀየር ግን ለጀማሪ አልመክርም፣ መደቡ እንደገና ይመዘን ማለት ስለሆነ ወራት ይፈጃል፣ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ደረጃ እና ኦፈሩ ላይ ያለው ካልተመሳሰሉ ብቻ አንሱት።

ሌላ ቦታ የተሻለ አቅርበውልኛል ብል ይጠቅማል?

እውነት ከሆነና በጽሁፍ ካላችሁ አንዳንድ ስኬል ያላቸው ቦታዎች እንደ አንድ ምክንያት ይይዙታል፣ ደብዳቤውን አሳዩን ማለታቸው ግን አይቀርም። ውሸት ከሆነ እዛ ጋ ነው የምትያዙት። ስኬል የሌለው ቦታ ላይ የሌላ ኦፈር ጉልበቱ ትልቅ ነው፣ ስኬል ያለው ቦታ ላይ ግን ከአንድ ጥሩ የልምድ ደብዳቤ ያንሳል።

ማመልከቻ ላይ «የሚፈልጉት ደመወዝ» የሚል ነበር፣ ዝቅ አርጌ ሞልቻለሁ። ተበላሸ?

እውነተኛ ስኬል ካላቸው አልተበላሸም፣ ከእርከን 1 በታች መክፈል ራሱ አይችሉም። ስኬሉ የአፍ ብቻ ከሆነ ግን ያቺን ቁጥር መልሰው ያነሱባችኋል። የዛን ጊዜ «የስራውን ዝርዝር ሳላውቅ የሞላሁት ነው» በሉና እለፉት፣ ብዙ አታብራሩ።

በመጠየቄ ኦፈሩን ይሰርዙብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

ከላይ እንዳለው አይነት ኢሜይል ተጽፎ የተሰረዘ ኦፈር እኔ በነበርኩበት ጊዜ አላየሁም። ሰው ከመረጡ በኋላ እንደገና መፈለግ ለነሱም ጣጣ ነው፣ የመረጣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ተጠባባቂው ሌላ ቦታ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የተሰረዘ ያየሁት ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ሳይመልስ ሁለት ሳምንት የጠፋ፣ ሌላው ሶስቴ አራቴ ቁጥር እየቀያየረ የተመላለሰ። ስለዚህ ኦፈሩ ላይ የመመለሻ ቀን ካለ ከዛ በፊት ጻፉ፣ ደብዳቤ እያስጻፋችሁ ጊዜ ካጠራችሁ «ማስረጃው እስከዚህ ቀን ይደርሳል፣ ቀኑን ብታራዝሙልኝ» በሉ። አንዴ ጠይቃችሁ የመጨረሻ መልስ ከመጣ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሰው ወስዳችሁ አትጠይቁ፣ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ተስማምተናል፣ ልፈርም ነው። ደብዳቤው ላይ ምን ልይ?

ደረጃና እርከን በቁጥር ተጽፎ መሆኑን። «ደመወዝ 10,400» ብቻ ካለ እርከን 2 መሆናችሁ የትም አልተመዘገበም፣ ስኬሉ አንድ ቀን ተሻሽሎ መነሻው 10,400 ቢሆን እርከን 1 ላይ ናችሁ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ይሄ የደረሰበት ሰው አውቃለሁ፣ ክርክሩ ወራት ፈጅቶበታል። ከዛ ቁጥሩ ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ነው ወይስ ተቆርጦ እጃችሁ የሚገባው፣ ስኬል ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆረጥ ነው። የመጀመሪያ ቀኑ የተስማማችሁበት መሆኑን። ያስገባችሁትን የልምድ ደብዳቤ ፋይላችሁ ውስጥ መግባቱን ጠይቁና ኮፒውን ቤት አስቀምጡ፣ ለእድገት ስትወዳደሩ ያቺው ደብዳቤ እንደገና ትፈለጋለች።